37 ዲግሪ ላይ የሚንጣጣ ሪሌ፦ የአንድ ማሞቂያ ሳጥን ሁለት ደፎች

ሳጥኑን ያመጣልኝ ወጣት ቴክኒሽያን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ኤሌክትሪኩን ሰካና «ትንሽ ይጠብቁ፤ አሁን ራሱ ይናገራል» አለኝ። ጠበቅን። ቴርሞሜትሩ ወደ 37 ዲግሪ ሲጠጋ ውስጡ ያለው ሪሌ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንጣጣ ጀመር። አንድ ደቂቃ ያህል እንዲህ ሲቆይ ማሞቂያው ይጠፋና ጸጥ ይላል፤ ሙቀቱ ወርዶ ያችኑ ቦታ ሲያልፍ ደግሞ እንደገና ይንጣጣል። የቀድሞው ሪሌ በዚሁ ምክንያት ነጥቦቹ ተቃጥለው ተለውጧል። አዲሱም ወደዚያው እያመራ ነበር።

ሳጥኑ የላቦራቶሪ ናሙናዎችን በ37 ዲግሪ የሚያቆይ ነው። መቆጣጠሪያው ቀላል ነው። ከ12 ቮልት የሚሠራ LM358 ኦፕ-አምፕ በኮምፓራተርነት ተቀምጧል። ገልባጩ መግቢያ ላይ ከቴርሚስተርና ከአንድ ቋሚ ሬዚስተር የተሠራ ቮልቴጅ ከፋፋይ አለ፤ ሳጥኑ ሲሞቅ ይህ ቮልቴጅ ይጨምራል፤ 37 ዲግሪ ላይ በትክክል 6 ቮልት እንዲሆንም ተስተካክሏል። የማይገለብጠው መግቢያ ላይ ደግሞ ሁለት እኩል 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች 12 ቮልቱን ለሁለት ከፍለው ለማነጻጸሪያ 6 ቮልት ይሰጣሉ። ሳጥኑ ሲቀዘቅዝ የኦፕ-አምፑ መውጫ ከፍ ይላል፣ ትራንዚስተሩ ይከፍታል፣ ሪሌው ማሞቂያውን ያበራል። ሲሞቅ የተገላቢጦሽ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ወረቀት ላይ ምንም ስህተት አይታይበትም።

ኦሲሎስኮፑን ገልባጩ መግቢያ ላይ ሳደርግ ግን 6 ቮልቱ ቀጥ ያለ መስመር አልነበረም። ወደ ቴርሚስተሩ የሚሄደው ሽቦ ከማሞቂያው ሽቦ ጋር አብሮ ታስሮ ስለሚሄድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሚሊቮልት የሚሆን ረብሻ ተሸክሟል። ይህ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ቴርሚስተር አንድ ዲግሪ ማለት 123 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ ስለዚህ 60 ሚሊቮልት ግማሽ ዲግሪ ነው። ሳጥኑ በዚያ አካባቢ በደቂቃ ግማሽ ዲግሪ ያህል ይሞቃል። እውነተኛው ሙቀት ያንን ግማሽ ዲግሪ እስኪሻገር አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል፣ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ረብሻው 6 ቮልትን ሽቅብና ቁልቁል ደጋግሞ ይቆርጣል። ኮምፓራተሩ እያንዳንዷን መቁረጥ በታማኝነት ያስፈጽማል። የአንድ ደቂቃው መንጣጣት ምንጩ ይህ ነው፤ ኦፕ-አምፑም ሪሌውም አልተበላሹም።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ኦቶ ሽሚት የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት ገና ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1934 በቫክዩም ቱቦዎች ሠርቶታል፤ ዛሬም ሽሚት ትሪገር የምንለው በእሱ ስም ነው። ከመውጫው ወደ ማይገለብጠው መግቢያ አንድ ሬዚስተር ማምጣት፣ ማለትም ፖዘቲቭ ፊድባክ መስጠት ነው። ያን ጊዜ አንድ የነበረው ደፍ፣ ማለትም መውጫው የሚቀየርበት ቮልቴጅ፣ ሁለት ይሆናል። መውጫው ከፍ ብሎ ሳለ ማነጻጸሪያውን ትንሽ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሙቀቱ ይህንን የላይኛውን ደፍ ተሻግሮ መውጫው ሲወድቅ ማነጻጸሪያውም አብሮት ይወርዳል። ረብሻው ወደ ኋላ ቢመለስ እንኳ የተሻገረው ደፍ እዚያ የለም፤ ዝቅ ብሎ ሌላ ቦታ ቆሟል። በሁለቱ ደፎች መካከል ያለው ክፍተት ሂስተሬሲስ ነው። ክፍተቱ ከረብሻው ከሰፋ ሪሌው በአንድ ጉዞ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀየራል።

ወጣቱ ይህን ያውቃል። እንዲያውም ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ሞክሮት ነበር። ማስታወሻ ደብተሩን ሲያሳየኝ መጀመሪያ ያሰላው የላይኛ ደፍ 1.09 ቮልት፣ የታችኛው ደግሞ ከዜሮ በታች 1.09 ቮልት ነበር። ቁጥሮቹን ሳይ የት እንደተሳሳተ ወዲያው ገባኝ፤ እኔም በወጣትነቴ እዚያው ጉድጓድ ገብቻለሁ። የመማሪያ መጻሕፍት ምሳሌ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ኃይል ምንጭ፣ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ 12 ቮልት የሚሠራ ሲሆን ማነጻጸሪያው ዜሮ ቮልት ነው። እሱ የዚያን ቀመር ወስዶ በአንድ ምንጭ ብቻ በሚሠራ ሰርኪት ላይ አውሏል። እዚህ መግቢያው ከዜሮ በታች ሊወርድ የሚችልበት መንገድ ስለሌለ ስሌቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ማሞቂያው አንድ ጊዜ ከጠፋ ለዘላለም ባልበራ ነበር። እሱም ይህን አይቶ ስሌቱን ትቶ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በግምት በየደ። መንጣጣቱ ጠፋ። ይሁን እንጂ የሳጥኑ ሙቀት ከ34.6 እስከ 39.3 ዲግሪ መወዛወዝ ጀመረ፤ ናሙናዎቹም ይህን አይወዱትም። ሬዚስተሩን ነቅሎ ሳጥኑን ይዞልኝ መጣ።

እንግዲህ ሥራው ደፎቹን በትክክል ማግኘት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ረጅም ቀመር ይሸመድዳል፤ እኔ ሁለቱን 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች እንደ አንድ ማየት ይቀለኛል። ከሚገናኙበት ነጥብ ወደ ኋላ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ላይ ከ6 ቮልት ጋር የተያያዘ አንድ 5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ናቸው። ከዚያ በኋላ የቀረው ቀላል ቮልቴጅ ከፋፋይ ነው፤ በአንድ ጫፍ 6 ቮልት፣ በሌላው ጫፍ መውጫው፣ በመካከላቸው 5 ኪሎ ኦምና የፊድባኩ ሬዚስተር። የኦፕ-አምፑ መግቢያ የሚወስደው ጅረት እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ እንተወዋለን። ሬዚስተሮቹን በኪሎ ኦም፣ የፊድባኩን ሬዚስተር R3፣ የመውጫውን ቮልቴጅ Vo፣ የማይገለብጠውን መግቢያ ቮልቴጅ V+ ብለን ስንጽፍ፦

```
V+ = 6 + (Vo - 6) * 5 / (5 + R3)
```

ደፍ ለማግኘት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ መውጫው አሁን የት ነው ያለው? ከፍ ያለ ከሆነ የሚጠብቀን የላይኛው ደፍ ነው። ዝቅ ያለ ከሆነ የታችኛው። በ100 ኪሎ ኦም፣ መውጫው ከ0 እስከ 12 ቮልት ይሄዳል ብለን ብንወስድ 5 ለ105 ሲካፈል 0.0476 ነው። ከፍ ሲል 6 ሲደመር 6 ጊዜ 0.0476፣ ማለትም 6.29 ቮልት፤ ዝቅ ሲል 5.71 ቮልት። ክፍተቱ 0.57 ቮልት ሲሆን በዲግሪ ሲመነዘር 4.6 ገደማ ነው። ወጣቱ ያየው ትልቅ ውዝዋዜ ምንጩ ከዚሁ ግልጽ ነው።

«እንግዲያው እንለካው» አለኝ፤ ሬዚስተሩን መልሶ በየደው። ቴርሚስተሩን አንስተን በቦታው ብዙ ዙር የሚዞር ፖቴንሽዮሜትር አስገባን፤ ሳጥኑ እስኪሞቅና እስኪቀዘቅዝ ከመጠበቅ ይሻላል። መለኪያውን ያዘና ቀስ ብሎ አዞረ፤ ሪሌው ሲቀየር ያነበበውን ጻፈ። «ቮልቴጁ ሲጨምር 5.74፣ ሲቀንስ 6.22። ተገልብጦብኛል» አለ፤ ሰርኪቱን ሊፈትሽ እጁን ዘረጋ።

ሰርኪቱ ምንም አልሆነም። መለኪያውን የማይገለብጠው መግቢያ ላይ፣ ማለትም ራሱ ደፉ ላይ አድርጎት ነበር። ሪሌው ቀጭ ብሎ እሱ ቁጥሩን እስኪያነብ ደፉ ቦታውን ለቆ ሄዷል፤ ያነበበው የሚቀጥለውን ደፍ ነው። ደፍ የሚለካው ቀስ ብሎ በሚቀየረው በገልባጩ መግቢያ ላይ ነው፤ ሪሌው በተቀየረባት ቅጽበት የነበረው ቁጥር ደፉ ነው። እንደዚያ ሲለካ 6.22 ላይ ጠፋ፤ 5.74 ላይ በራ።

አሁን የሚያስገርመው ነገር መጣ። ስሌቱ 6.29 እና 5.71 ብሎ ነበር፤ መለኪያው ግን 6.22 እና 5.74 አለ። ሁለቱም ወደ መሐል ተስበዋል፤ የሚገርመው ደግሞ እኩል አልተሳቡም። ሬዚስተሮቹ ባለ 1 ከመቶ ስለነበሩ በእነሱ ማሳበብ አልተቻለም። መውጫውን በሁለቱም ሁኔታ ለካነው። ከፍ ሲል 10.6 ቮልት ብቻ ነው፤ ዝቅ ሲል ዜሮ ሳይሆን 0.6 ቮልት። እነዚህን በቀመሩ ውስጥ ስናስገባ 6.22 እና 5.74 ቮልት በትክክል ወጣ።

የላይኛው ጉድለት ምክንያቱ የታወቀ ነው። LM358 መውጫው ከኃይል ምንጩ በ1.5 ቮልት ገደማ ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ እስከ ጫፉ አይወጣም። የታችኛው 0.6 ቮልት ግን ብዙ ልምድ ያላቸውን ሰዎች እንኳ ያታልላል፤ ምክንያቱም የዚህ ኦፕ-አምፕ መውጫ እስከ ዜሮ አካባቢ እንደሚወርድ ሁሉም ያውቃል። ይወርዳል፤ ነገር ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። መውጫውን ወደ ታች የሚስበው ዋናው የውስጥ ትራንዚስተር ከ0.6 ቮልት በታች አቅም የለውም። የቀረውን መንገድ እስከ ዜሮ የሚጨርሰው 50 ማይክሮአምፔር አካባቢ ብቻ የሚስብ ደካማ የጅረት ምንጭ ነው። እኛ ደግሞ ከ5.7 ቮልት በ100 ኪሎ ኦም በኩል 50 ማይክሮአምፔር ተሻግሮ ወደ መውጫው እንሰድዳለን። የሚስበውና የሚገፋው ስለተመጣጠኑ መውጫው 0.6 ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ትራንዚስተሩ ቤዝ ላይ ሁለት ሬዚስተሮች ያሉበት ከፋፋይ ባይኖር ኖሮ ይህ 0.6 ቮልት ሪሌውን ሳያጠፋ ሊቀር ይችል እንደነበረም ልብ ይሏል።

ይህ ሁሉ ለ30 እና ለ70 ሚሊቮልት ልዩነት ነው የሚል ይኖራል። በ100 ኪሎ ኦም ላይ እውነቱን ነው፤ የሚያስጨንቅ አይደለም። ክፍተቱን ማጥበብ ስንጀምር ግን የመውጫው ትክክለኛ ቁጥር ይፈለጋል፤ ምክንያቱም ክፍተቱ ከፍ ባለውና ዝቅ ባለው መውጫ መካከል ካለው ርቀት ጋር ተመጣጣኝ ነው፤ 12 ቮልት ብሎ ማስላትና 10.5 ብሎ ማስላት የአንድ ስምንተኛ ልዩነት ያመጣል።

ስለዚህ አሁን ወደ ኋላ እናስላ። ረብሻው 60 ሚሊቮልት ነው፤ ክፍተቱ ከዚያ በእጥፍ ቢሰፋ፣ ማለትም 120 ሚሊቮልት ቢሆን፣ በቂ ማረፊያ አለን፤ ይህ ወደ አንድ ዲግሪ ስለሚመነዘር ለናሙናዎቹም ይስማማል። መውጫው በ10.5 ቮልት ያህል የሚወዛወዝ ከሆነ፦

```
0.12 = 10.5 * 5 / (5 + R3)
R3 = 432
```

በገበያ ላይ 430 አለ፤ በመሳቢያዬ ውስጥ የነበረው ግን 470 ኪሎ ኦም ነው። ክፍተቱ ወደ 111 ሚሊቮልት ይወርዳል፤ ረብሻው 60 ስለሆነ አሁንም እንቀድመዋለን። በ470 ኪሎ ኦም በኩል የሚመጣው ጅረት ደግሞ 12 ማይክሮአምፔር ገደማ ብቻ ስለሆነ ያ ደካማ የጅረት ምንጭ በቀላሉ ይችለዋል፤ መውጫው ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። በየድን፤ ለካን። ዝቅ ሲል 0.05 ቮልት፤ ከፍ ሲል እንደ ቀድሞው 10.6። በእነዚህ ሲሰላ የላይኛው ደፍ 6.05፣ የታችኛው 5.94 ቮልት ነው። ፖቴንሽዮሜትሩን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያዞር ወጣቱ ያነበበውም ይኸው ነበር። በዲግሪ 37.4 ላይ ማጥፋት፣ 36.5 ላይ ማብራት ማለት ነው።

የደፎቹ መሐል ትክክል 6 ቮልት ላይ እንዳልወደቀ አንባቢ አስተውሎ ይሆናል፤ በጥቂት ሚሊቮልት ዝቅ ብሏል። መውጫው ወደ ላይ 4.6 ቮልት ብቻ ሲርቅ ወደ ታች 6 ቮልት ያህል ስለሚርቅ ነው። ይህንን በፊድባኩ ሬዚስተር ለማቃናት መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ መሐሉን የሚወስኑት ሁለቱ 10 ኪሎ ኦሞች ናቸው። እነሱ ባለ 5 ከመቶ ቢሆኑና አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ቢያጋድል መሐሉ በ0.3 ቮልት፣ ማለትም ከ2 ዲግሪ በላይ ይሸሻል፤ ክፍተቱ ግን የሚነካ አይመስልም። ስፋቱን በፊድባኩ፣ ቦታውን በቴርሚስተሩ በኩል ባለው ማስተካከያ ማለት ሁለቱን ሥራ ሳይደባለቅ ለመሥራት ያስችላል።

ወጣቱ ነገሩን በዓይኑ ማየት ፈለገ። ከሲግናል ጄኔሬተር ባለ ሦስት ማዕዘን ሞገድ ወደ ገልባጩ መግቢያ አስገብተን፣ ኦሲሎስኮፑን ወደ ኤክስ-ዋይ ቀይረን መግቢያውን በአግድም፣ መውጫውን በቁም ስንስል ሂስተሬሲስ ሉፕ የሚባለው ሳጥን መሳይ ቅርጽ ታየ። ጎኖቹ ሁለቱ ደፎች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ግን ቸኩሎ ድግግሞሹን 1 ኪሎኸርዝ ላይ አድርጎት ስለነበር ጎኖቹ ተጋድመው ሉፑ ከግማሽ ቮልት በላይ ሰፍቶ ታየ፤ ልባችን ደነገጠ። LM358 ዘገምተኛ ነው፤ መውጫው በማይክሮሰከንድ 0.3 ቮልት ያህል ብቻ ስለሚጓዝ ከጫፍ ጫፍ ለመድረስ 35 ማይክሮሰከንድ ይፈጅበታል። በ1 ኪሎኸርዝ፣ 4 ቮልት ስፋት ባለው ሞገድ፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ መግቢያው በእያንዳንዱ ጎን 0.28 ቮልት ወደፊት ሄዷል። ያየነው የኦፕ-አምፑን ዘገምተኛነት እንጂ ደፉን አልነበረም። ድግግሞሹን ወደ 5 ኸርዝ ሲያወርደው ጎኖቹ ቀጥ ብለው 6.05 እና 5.94 ላይ ቆሙ።

ቴርሚስተሩን መልሰን ሳጥኑን አበራነው። 37.4 ላይ አንድ ጊዜ ቀጭ፤ ጸጥ። ሌላ መንጣጣት የለም። አየሩ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር ግን 37.9 ደርሶ ተመለሰ፣ ሲወርድም እስከ 36.2 ወረደ። ደፎቹ የ0.9 ዲግሪ ክፍተት ሰጥተው ሳለ አየሩ 1.7 ዲግሪ ይወዛወዛል። ይህን የኤሌክትሮኒክስ ስህተት ነው ብሎ የሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ ይደክማል። ማሞቂያው ከጠፋም በኋላ የያዘውን ሙቀት መልቀቁን ይቀጥላል፤ ሲበራም እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል። ደፉ ቴርሚስተሩ ላይ ያለውን ይቆጣጠራል፤ ማሞቂያው ውስጥ የተጠራቀመውን አያውቅም።

«እንግዲያው ወደ 1 ሜጋ ኦም ብናወጣውስ?» አለ። አስላሁት፤ ክፍተቱ 53 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል። ያ ከ60 ሚሊቮልቱ ረብሻ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ መንጣጣቱ ይመለሳል። ገልባጩ መግቢያ ላይ 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርጎ፣ ሽቦውንም ከማሞቂያው ለይቶ ረብሻውን ቢገድል መንገዱ ይከፈታል፤ ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚቀየር ካፓሲተሩ የሚያመጣው የሚሊሰከንዶች መዘግየት አይጎዳም። ነገር ግን ሌላ ሒሳብ አለ። አሁን አንድ ሙሉ ዙር 7 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ሪሌው በቀን 200 ጊዜ ገደማ ይቀየራል። የሪሌው የአምራች ሰነድ በጭነት 100,000 ጊዜ ይላል፤ ይህም ወደ 500 ቀን ነው። ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር ዙሩ ያጥራል፣ ያም ቁጥር አብሮ ይወርዳል፤ አየሩ ላይ የምናተርፈው ደግሞ ከግማሽ ዲግሪ አይበልጥም፣ ምክንያቱም ከውዝዋዜው ግማሽ ያህሉ ከማሞቂያው የሚመጣ ነው።

470ው እንዲቆይ ተስማማን። ሽቦዎቹን ግን ለያይቶ አሰራቸው፤ ረብሻው ወደ 25 ሚሊቮልት ወረደ። ከዚያም በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በማይጠፋ ቀለም «ማጥፊያ 6.05፣ ማብሪያ 5.94፤ በገልባጩ መግቢያ ላይ ይለካ» ብሎ ጽፎ ሳጥኑን ይዞ ሄደ።